የገና ጌጥ ያስቀመጥኩበት ሳጥን፦ ክረምቱን እንዴት አሳለፈ?

ሳጥኑን የገዛሁት ከመርካቶ ነው። ወደ 45 ሊትር ይይዛል፤ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን ቀጭን ጎማ አለው፤ በአራት መቆለፊያ ይያዛል። ከጥምቀት በኋላ ዛፉን ስናፈርስ የመስታወት ኳሶቹን፣ መብራቶቹንና ጥበብ ያለውን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ከትቼበት ዘጋሁት። የከፈትኩት ኅዳር ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ጌጡ የሚቀመጠው ዛፉ በመጣበት ካርቶን ነበር። ካርቶን የክረምቱን እርጥበት ይመጥጣል፣ ጎኑ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ጨርቅ ላይ ይቀራል። በዚህ ሳጥን ይህ ሁሉ የለም። ጨርቁ ሲወጣ ምንም አይሸትም ነበር፤ የኳሶቹ የብረት ማንጠልጠያም አልዛገም።

ግን ሳጥኑ ብቻውን ይህን አላደረገም። ጎማው እርጥበት አያስገባም፤ ከውስጥ ያለውንም አያስወጣም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በምን ሁኔታ ተዘጋ የሚለው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር የሚይዘው ውሃ ከአንድ ግራም አይበልጥም፤ ያን ያህል ጉዳት የለውም። ጨርቁ ግን ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ጥጥ በእጅ ሲነካ ደረቅ እየመሰለ እንኳ 80 ግራም ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ጥር ላይ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ለመዝጋት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሐምሌ ላይ «እስቲ ልየው» ብሎ መክፈት ግን ያንን ደረቅ አየር በክረምት አየር መለወጥ ነው።

እህቴ ያንኑ ሳጥን ገዝታ ነበር። የእሷ የጠረጴዛ ልብስ ታጥቦ ባደረበት ማግስት ገባ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ወፍራም ጥበብ ገና አልደረቀም ነበር። በሳምንቱ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጠብታዎች ታዩ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሌሊት ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ከጨርቁ የወጣው እርጥበት እዚያ ይጤዛል። ያን ጊዜ ከፍቶ ማድረቅ ጨርቁን ያድነዋል። እሷ ከፍታ ያየችው ግን ቆይታ ነው፤ እጥፋቱን ተከትሎ ግራጫ የሻጋታ ነጥብ ወጥቶ፣ የኳስ ማንጠልጠያ ያረፈበት ቦታ ላይም የዝገት ቡኒ ምልክት ቀርቶ ነበር። ሻጋታው በእጥበት ቀነሰ፤ ዝገቱ አልለቀቀም።

የኔን ጨርቅ ያለ ስታርች አጥቤ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። ስታርች ነፍሳት ይስባል። የጠጅና የዘይት ጠብታ ደግሞ ዛሬ ባይታይም ዓመት ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ያልታጠበ ጨርቅ አይገባም። ካተኮስኩትም በኋላ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በንጹህ የትራስ ልብስ ውስጥ አድርጌ ከላይ አስቀመጥኩት። ናፍታሊን አልጨመርኩም። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር እንጂ ንጹህ ጥጥ አይደለም። ከዚያም በላይ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የናፍታሊን ትነት ርካሽ የፕላስቲክ ኳሶችን ያለሰልሳል፣ ቀለማቸውንም ያጣብቃል።

የመብራቱ ሽቦም እንደዚሁ ነው። ለስላሳው የሽቦ ሽፋን ለወራት ፕላስቲክ ኳስ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ምልክት ይተዋል። መብራቱን መጀመሪያ ሰክቼ መሥራቱን አረጋገጥኩ፤ ከዚያ ከጫፉ ጀምሬ ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ጠቀለልኩትና ሶኬቱ ውጭ ቀረ። ኅዳር ላይ ሳልፈታው ሰክቼ ሞከርኩት፤ ሁሉም በራ። ከታች የሚገባው እሱ ነው፤ በላዩ ወፍራም ካርቶን፣ ከዚያ ኳሶቹ። ኳሶቹን እያንዳንዳቸውን በነጭ ሶፍት ጠቀለልኳቸው። የጋዜጣ ቀለም የብር ቅቡ ላይ ስለሚያልፍ ጋዜጣ አልተጠቀምኩም።

ሳጥኑ ጉድለትም አለው። መከፋፈያ የለውም፤ ኳስ እንዳይጋጭ ከካርቶን ራሴ ቆርጬ ሠራሁለት። ክዳኑ ስስ ነው፤ ከባድ ነገር ሲጫንበት መሃሉ ይጎብጥና ጎማው ከጎን ይከፈታል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ሻንጣ አይደረደርም። ግልጽ መሆኑ ውስጡን ለማየት ቢመችም ብርሃን የጥበቡን ቀለም ስለሚያደበዝዝ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ብሎ ጣውላ ላይ ነው የተቀመጠው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ኮርኒስ ላይ ማስቀመጥ ግን አልመክርም፤ በበጋ ሙቀቱ ሰም ያለበትን ጌጥ ያቀልጣል፣ በሙጫ የተያያዘውንም ያላቅቃል።

ዛፉ አይገባበትም። እሱ አሁንም በካርቶኑ ውስጥ፣ በትልቅ ፌስታል ተሸፍኖ ነው ያለው።