ዱቤ ወይስ ቅናሽ? ለሰፈር ሱቅ የሚያዋጣው የቱ ነው?

አዘዞ ላይ አዲስ ሱቅ ከፈትክ እንበል። ግራና ቀኝህ ያሉት ሱቆችም ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ሳሙና ይሸጣሉ። ደንበኛ የምትስበው ዋጋ ቀንሰህ ነው ወይስ ዱቤ ሰጥተህ?

ቅናሹን እናስላው። በ90 ብር ያመጣኸውን ዕቃ በ100 ትሸጣለህ። ወደ 95 ካወረድከው ትርፍህ በግማሽ ይቀንሳል፤ የድሮውን ትርፍ ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለብህ። ጎረቤትህ ደግሞ በማግስቱ 95 ይላል። ያኔ ሁለታችሁም ተጎዳችሁ።

ዱቤን ግን ጎረቤት በቀላሉ አይኮርጅም፤ ሰው ማወቅ ይጠይቃል። ደመወዝተኛ ወር እስኪደርስ የሚቸገረው ስለ 5 ብር አይደለም፣ እጁ ላይ ምንም ስለሌለ ነው። ስለዚህ እኔ ዱቤን እመርጣለሁ፣ ግን በልኩ። ያ የ90 ብር ዕቃ ካልተከፈለ ኪሳራውን ለመመለስ ዘጠኝ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ አለብህ።

ለደመወዝተኛ ሒሳቡ በወር ይዘጋ፤ ለቀን ሠራተኛ በሳምንት። የድሮው ሳይከፈል አዲስ አይሰጥም። ደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ እዚያው፣ ደንበኛው እያየ ይጻፍ። ይሉኝታ ሱቅ የሚያዘጋው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምልክት ልንገርህ። ባለዕዳህ በጥሬ ገንዘብ ከጎረቤት ሱቅ መግዛት ከጀመረ ዕዳው ከብዶት እየሸሸህ ነው። ቶሎ ጠርተህ በትንሽ በትንሹ እንዲከፍል ተስማማ።

ቅናሽ የሚያዋጣው ሊበላሽ የደረሰ ወይም የቆየ ዕቃ ላይ ብቻ ነው።