መርከቧ ብትሰምጥስ? በወለድ መበደር እና ሙዳረባ

በድሮዋ ካይሮ ያለ ነጋዴ እናስብ። ሙያ አለው፣ ገንዘብ የለውም። ጎረቤቱ ደግሞ 1,000 ዲናር አለው።

በወለድ ቢበደር ነገሩ ቀላል ነው። 1,000 ወስዶ 1,200 ይመልሳል። ዕቃው ቢሸጥም፣ መርከቧ ከነጭነቷ ብትሰምጥም ዕዳው ንቅንቅ አይልም። ቁርኣን (2፥275) ንግድን ፈቅዶ ሪባን፣ ማለትም ወለድን፣ ይከለክላል፤ ስለዚህ ይህ መንገድ ለሙስሊሙ ነጋዴ ዝግ ነው።

ሙዳረባ በሚባለው የሽርክና ውል ግን አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ሙያ ያመጣል። ግማሽ በግማሽ ተስማሙ እንበል። 300 ዲናር ቢያተርፉ መጀመሪያ 1,000ው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ከዚያ 150፣ 150 ይካፈላሉ። 200 ቢከስሩስ? ኪሳራው በሙሉ የባለገንዘቡ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ልፋቱ መና ይቀርበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ባለገንዘቡ «ከትርፉ 100 ዲናር ለእኔ፣ የቀረው ላንተ» ቢል ውሉ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም ጠቅላላ ትርፉ 100 ብቻ ከሆነ ነጋዴው ባዶ እጁን ይቀራል። ድርሻ በግማሽ ወይም በሲሶ ይነገራል እንጂ በቁርጥ ገንዘብ አይነገርም።

እውነቱን ለመናገር ለባለገንዘቡ ወለዱ ይመቻል። በሙዳረባ ነጋዴው ባለአደራ ነው፤ «ከሰርኩ» ካለ፣ ማጥፋቱ እስካልተረጋገጠ ድረስ ቃሉ ይታመናል። ባለገንዘቡን የሚያድነው አስቀድሞ የሚያስገባው ገደብ ነው። «በባሕር አትሂድ» ብሎት ሄዶ ዕቃው ቢሰምጥ፣ ያኔ ነጋዴው ከኪሱ ይከፍላል።