የተሳሳተ ኢሜይል፦ መልሶ መጥራት ወይስ ስልክ መደወል?

ካዛንቺስ ካለ ቢሮ የደመወዝ ሰንጠረዥ ለሒሳብ ሹሟ ለወይዘሮ ሄለን ሊላክ ሲል፣ አድራሻ በራሱ የሚሞላው ፕሮግራም ዕቃ አቅራቢ የሆኑትን ሌላዋን ሄለን አስገባ እንበል። የአውትሉክ "Recall This Message" የሚሠራው ተቀባዩ በዚያው መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሥርዓት ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ወደ ጂሜይል የሄደውን አይመልስም፤ እንዲያውም ላኪው መልእክቱን መመለስ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ሌላ ኢሜይል ሊደርሳቸው ስለሚችል፣ ልብ ያላሉትን እንዲከፍቱ ይጋብዛቸዋል። የጂሜይሉ "Undo"ም ቢሆን ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው።

ስለዚህ ለውጭ ሰው፣ ቢያሳፍርም፣ ስልኩ ይሻላል፦ "ወይዘሮ ሄለን፣ አሁን የደረሰዎት ሰንጠረዥ የእርስዎ አይደለም፤ እባክዎ ሳይከፍቱ ያጥፉልኝ፣ ከመጣያውም ያስወግዱልኝ።" ማጥፋታቸውን በአጭር ኢሜይል እንዲያረጋግጡ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለአለቃ ማሳወቁ ግን የእሳቸውን መልስ አይጠብቅም።