የቀበሌን ስም ወደ ቁጥር መለወጥ፦ ዋን-ሆት ወይስ ታርጌት ኢንኮዲንግ?

በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ የገብስ ምርትን የሚተነብይ ሞዴል እንሠራለን እንበል። መዝገቡ 60 ቀበሌዎች አሉት፤ ሞዴሉ ግን የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው።

ዋን-ሆት ለእያንዳንዱ ቀበሌ 0 ወይም 1 የሚጻፍበት አምድ ይከፍታል። አምዱ ይበዛል፤ ሆኖም የምርቱን ቁጥር ስለማይጠቀም መልሱን አያሾልክም። ቀበሌው ላልተሞላለት ገበሬም «ያልታወቀ» የሚል አምድ መጨመር ይበቃል።

ታርጌት ኢንኮዲንግ የቀበሌውን ስም በቀበሌው አማካይ ምርት ይተካል፤ አንድ አምድ ብቻ ያስፈልገዋል። አደጋው ግን እዚህ ላይ ተደብቋል። ከአንድ ቀበሌ የተመዘገበው አንድ ገበሬ ብቻ ቢሆንና በሄክታር 31 ኩንታል ቢያገኝ፣ አማካዩም 31 ነው። ጥያቄው ላይ መልሱን ጽፈን ሰጠነው ማለት ነው! ሞዴሉ በተማረበት መረጃ ላይ ስሕተቱ እጅግ ያንሳል፤ አዲስ ገበሬ ሲመጣለት ግን ይወድቃል። ምልክቱ ይህ ልዩነት ነው። አማካዩ የተሰላው መፈተኛው መረጃ ሳይለይ ከሆነ ግን ፈተናውም ስለሚበከል ምልክቱ ራሱ ይጠፋል።

ብዙዎች የቀበሌውን አማካይ ወደ ሁሉም ገበሬዎች አጠቃላይ አማካይ በመሳብ ያለዝቡታል። አጠቃላዩ 20 ቢሆንና ክብደቱ እንደ 10 ገበሬ ቢቆጠር፦

```
(31 + 10 × 20) ÷ 11 = 21
```

ይህ ፍሳሹን ይቀንሳል እንጂ አይደፍነውም፤ 31ዱ አሁንም ውስጡ አለ። የሚደፍነው መማሪያውን አምስት ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውን የቀበሌ አማካይ ከሌሎቹ አራት ማስላት ነው። ያኔ ብቸኛው ገበሬ፣ ቀበሌው በሌሎቹ ክፍሎች ስለሌለ፣ የሚያገኘው የሌሎቹን አጠቃላይ አማካይ ነው። «ያልታወቀ»ም እንደ አንድ ቀበሌ በዚሁ ስሌት ያልፋል።

ቀበሌዎቹ አሥር ቢሆኑ ያለማመንታት ዋን-ሆትን እመርጣለሁ።