ጤዛ፣ ማሬ ወይስ ሎሚ? የትኛው ስም ለዘፋኝ ይሻላል

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ካራ ነው። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን ልትለቅ ስለሆነ የመድረክ ስም ስንፈልግ ከርመን ሦስት ቀሩ። እኔ የፈተንኳቸው እንዲህ ነው፦ ስሙን በላቲን ጽፌ፣ ምንም ሳልናገር፣ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው እሰጣለሁ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ ለሌላ ሰው ደውዬ ስሙን አንዴ ብቻ እናገርና «በል ጻፈው» እላለሁ።

ጤዛ የኔ ምርጫ ነበር። ግን Teza ተብሎ ሲጻፍ «ጤ» የለችም። አንዱ «ቴዛ» አለ፣ እንግሊዝኛ የለመደው «ቲዛ» አለ። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዋ ጎረቤታችን ደግሞ በቁቤ «ጠ» በ x ስለሚጻፍ Xeza ብላ ጻፈችው፤ ፍለጋ ላይ ይሄ ሌላ ሰው ነው። በዚያ ላይ ጤዛ ፀሐይ ሲወጣ ይረግፋል፣ ለጀማሪ ትንሽ ሟርት ይመስላል።

ማሬ በስልክ አንድም ሰው አልተሳሳተባትም። ጣልያንኛ ላይም እንዳለች ትነበባለች፣ ትርጉሟም ባሕር ነው። ችግሩ እንግሊዝኛ ነው፦ Mare «ሜር» ተብሎ ይነበባል፣ ሴት ፈረስ ማለት ነው። አገር ቤት ደግሞ ማሬ ያልተባለ ማን አለ? ሕዝቧ እዚሁ ብቻ ለሆነ ዘፋኝ ግን አትከፋም።

ሎሚ ላይ ትንሽ ልቆይ። አራቱም ድምፆች በብዙ ቋንቋ አሉ፣ የሚጠፋ ፊደል የለም። በኦሮምኛም ያው ሎሚ ነው። ትግርኛ ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ «ሎሚ» ማለት ዛሬ ማለት ነው፣ ስለዚህ ፖስተር ላይ «ሎሚ ምሽት» ብላችሁ ብትጽፉ መቐለ ላይ ዘፋኟ ማን እንደሆነች አይታወቅም። ቤይሩት ስትሠራ የቆየች ጓደኛዬ በዓረብኛ ስጽፍላት «ላውሚ» ብላ አነበበችው፣ እኔን መውቀስ እንደማለት ነው። የባሕረ ሰላጤ ሰዎች ግን ያንኑ ጽሑፍ «ሉሚ» ብለው ደረቅ ሎሚን ይጠሩበታል። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ስሜቱም ጥሩ ነው፣ ጥምቀትና ሎሚ ውርወራ ያላስታወሰ አልነበረም።

አንድ እንከን አለው፦ ፍለጋ ላይ ብቻውን ካስገባችሁት የሚመጣው የጉንፋን መድኃኒት ነው። መፍትሔው ሁለተኛ ቃል መጨመር ነው። ቴዲ ብቻ ቢሆን ስንት ቴዲ አለ፣ አፍሮ ሲጨመርበት ግን አንድ ሰው ሆነ። ጂጂ ደግሞ ከእጅጋየሁ አንዷን ድምፅ ወስዳ ደጋገመቻት፣ ለብቻዋ ቆመች።

ልጅቷ ወዲያው «በቃ፣ በሰፈሬ፣ ሎሚ ካራ!» አለች። እህቴ ከጓዳ ሰማቻት፦ «ሎሚና ቢላ? ሰላጣ ልትሠሪ ነው?»

የአያቷን ስም እየሞከርን ነው።