ቲኬት ቆርጠሃል፤ አዲስ የሥራ ውል ከመፈረም በፊት ትናገራለህ ወይስ ከጀመርክ በኋላ?

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛዬ ፋብሪካ ውስጥ የሂሳብ ሥራ አገኘ። የእህቱ ሠርግ ዱባይ ነው፤ ቲኬቱ ከተቆረጠ ቆይቷል።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ቢናገር የሙከራ ጊዜ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይህ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል፤ ያለ ማስጠንቀቂያም ሊያሰናብቱት ይችላሉ። የዓመት ፈቃዱም ቢሆን 16 የሥራ ቀን የሚሰጠው አንድ ዓመት ሲሞላ ነው። አለቃውም «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ማለቱ አይቀርም።

ቃለ መጠይቅ ላይ መናገር ደግሞ ይፈጥናል፤ ገና አልመረጡህማ! ትክክለኛው ሰዓት «ወስደንሃል» ካሉህ በኋላ፣ ከመፈረምህ በፊት ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ጻፈ፦

«ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእናንተ ጋር ከመነጋገራችን በፊት የቆረጥኩት የጉዞ ቲኬት አለ። ከኅዳር 8 እስከ 13፣ ስድስት የሥራ ቀን አልኖርም። ያለ ክፍያ ፈቃድ ቢሰጠኝ፣ ካልሆነም ኅዳር 15 ብጀምር ደስ ይለኛል። ለእርስዎ የሚሻለውን ቢያሳውቁኝ።»

ቀኑ ቁርጥ ያለ ነው፤ አማራጩም ሁለት። «ምናልባት ትንሽ ቀን» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ምን ብላ ትወስን? እሷም በስልክ «ችግር የለም፣ 15 ጀምር» አለችው። እሱ ግን የመጀመሪያው ቀን ውሉ ላይ እስኪስተካከል አልፈረመም።