«የቻርጅ ዑደቱ ገና ትንሽ ነው» እየተባለ ከሚሸጥ የጌም ስልክ ተጠንቀቁ

ያገለገለ ስልክ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ፣ በተለይም ከባድ ጌም የሚያጫውት ስልክ በቅናሽ ለምትፈልጉ፣ ስለ አንድ የተለመደ የሽያጭ ማሳመኛ ላስጠነቅቃችሁ እወዳለሁ። ሻጩ ስልኩ ብዙ እንዳልተሠራበት ለማስረዳት የባትሪውን የቻርጅ ዑደት ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩም በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። ቀጥሎ የባትሪ መረጃ የሚያሳይ መተግበሪያ ከፍቶ ጤንነቱ «ጥሩ» መሆኑን ያስነብባል። ሁለቱም መረጃዎች ያልተነካኩና ትክክለኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደሰካ ለረጅም ሰዓታት ጌም ሲጫወትበት የኖረ ከሆነ፣ ባትሪው ከአቅሙ ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ አጥቶ ሊገኝ ይችላል። ይህን ጉዳት ደግሞ ዑደቱም ሆነ «ጥሩ» የሚለው ቃል አይናገሩም።

በመጀመሪያ የዑደት ቁጥር ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ዑደት የሚሞላው ከባትሪው በድምሩ መቶ በመቶ የሚሆን ኃይል ሲወጣ ነው፤ ዛሬ ግማሹ፣ ነገ ግማሹ ቢወጣ ሁለቱ ቀናት ተደምረው አንድ ዑደት ይሆናሉ። 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ወደ 19 ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ከባድ ጌም አምስት ዋት ያህል የሚወስድ ከሆነ፣ ያለ ቻርጀር የሚጫወት ሰው በአራት ሰዓት ገደማ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ቆጣሪውም በአንድ ከፍ ይላል። ቻርጀር ሰክቶ የሚጫወተው ግን አብዛኛውን ኃይል የሚያገኘው ከቻርጀሩ ስለሆነ፣ ባትሪው ጥቂት እየቀነሰ ወዲያው ይሞላል፤ ቆጣሪውም ከቦታው አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን በባትሪው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለፈ እንጂ ባትሪው በምን ሁኔታ ውስጥ እንደቆየ አይደለም።

ጉዳቱ ያለውም በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ የሚያረጀው በመሙላትና በመፍሰስ ብቻ ሳይሆን፣ ምንም ሳይሠራ ቢቀመጥም በጊዜ ብዛት ጭምር ነው። በባትሪው አሉታዊ ምሰሶ፣ ማለትም በግራፋይቱ ገጽ ላይ፣ አንድ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ይህ ሽፋን በጨመረ ቁጥር ኃይል ሊያመላልስ ይገባው የነበረውን ሊቲየም ለራሱ ይወስዳል፣ የባትሪውንም ውስጣዊ ተቃውሞ ከፍ ያደርጋል። ሂደቱን የሚያፋጥኑት ሙቀትና ከፍተኛ የሙሌት መጠን ናቸው። በጌም ሰዓት ፕሮሰሰሩ ያለማቋረጥ ይሞቃል፤ ባትሪውም በዚያው ጠባብ አካል ውስጥ ስለሚገኝ ሙቀቱን ይጋራል፤ ቻርጀሩ ሲሰካ ደግሞ ኃይሉን በመለወጥና ባትሪውን በመሙላት የሚባክነው ሙቀት ይጨመርበታል። በዚህ አኳኋን የባትሪው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ሰክቶ መጫወት ማለት ባትሪውን ሙሉ ሆኖም፣ ሞቆም፣ ለሰዓታት ማቆየት ማለት ነው፤ ባትሪን የሚጎዱት ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል። እኔ በግሌ ምርጫ ቢሰጠኝ፣ ሳይሞቅ በ20 እና በ80 በመቶ መካከል እየተመላለሰ 400 ዑደት የቆጠረውን ስልክ፣ ተሰክቶ ሲግል ኖሮ 100 ብቻ ከቆጠረው አስቀድማለሁ።

ሻጮች «የዚህ ባትሪ ዕድሜ 800 ዑደት ነው፤ የተሠራበት 140 ብቻ ስለሆነ 660 ይቀረዋል» የሚል ስሌት ሲያቀርቡ ትሰማላችሁ። 800 የሚለው ቁጥር ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በገበያው ለሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች ባትሪ፣ ከ800 ዑደት በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅም እንዲቀረው ይጠይቃል። አፕልም የአይፎን 15 ባትሪዎች ተስማሚ በሆነ የአጠቃቀም ሁኔታ ከ1000 ዑደት በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው መሠራታቸውን ይገልጻል። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ሁኔታው እስከተጠበቀ ድረስ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ሁኔታውን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ይጠቅሳል።

«ጥሩ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ነገሩ ከዚህም ቀላል ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ብዙ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት ይህ ቃል የሚመጣው ከሥርዓቱ ሲሆን፣ ትርጉሙም ባትሪው በዚያች ቅጽበት ከመጠን በላይ አልሞቀም፣ ቮልቴጁ ከልክ አላለፈም፣ ጨርሶም አልሞተም ማለት ነው። የቀረውን አቅም አይለካም። አቅሙን ግማሽ ያጣ ባትሪም «ጥሩ» ይባላል።

አንድ የማውቀው ሰው ሊገዛው በነበረ ስልክ ላይ የታየውን በምሳሌነት ላቅርብ። ስልኩ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ሲሆን፣ ዑደቱ ከ150 በታች፣ ጤንነቱም «ጥሩ» ነበር። ሻጩ ስልኩን ይዞ የቀረበው መቶ በመቶ ሞልቶ ነው፤ ይህ ራሱ መጠርጠር ያለበት ነገር ነው፤ ምክንያቱም የደከመ ባትሪ ሞልቶ ሳለ ድካሙ ብዙም አይታይም። ስለዚህ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ተጠበቀና፣ በስልኩ የገንቢዎች አማራጭ ውስጥ የዩኤስቢ ማረሚያው ተከፍቶ adb የተባለው የአንድሮይድ መሣሪያ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ከተገናኘ በኋላ ይህ ትእዛዝ ተሰጠ፦

```
adb shell dumpsys battery
```

ከወጡት መስመሮች መካከል ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

```
Charge counter: 1610000
health: 2
level: 46
temperature: 318
```

የመጀመሪያው መስመር በባትሪው ውስጥ በዚያ ሰዓት ያለውን የኤሌክትሪክ መጠን በማይክሮአምፔር ሰዓት ይገልጻል፤ ለ1000 ሲካፈል 1610 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። ስልኩ ይህን መጠን 46 በመቶ ነው እያለ ነው። 1610 ለ0.46 ሲካፈል 3500 ይመጣል፤ ስለዚህ ስልኩ ራሱ ሙሉ ብሎ የሚቆጥረው አቅም 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ማለትም ከ5000ው 70 በመቶው ብቻ ነው። ጤንነቱን የሚያመለክተው 2 ቁጥር ደግሞ ያው «ጥሩ» የተባለው ነው። 318 የሚለው ሙቀት በዲግሪ አሥረኛ የተጻፈ ስለሆነ 31.8 ዲግሪ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ወሰን እንዳለው መናገር ተገቢ ነው። አንዳንድ አምራቾች የመጀመሪያውን መስመር አያወጡም፤ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከእውነተኛ ልኬት ሳይሆን በፋብሪካ ከተጻፈው አቅም ተባዝቶ የሚወጣ ነው። ብዙ ያገለገለ ስልክ ስሌቱ ሲሠራ ልክ 5000 ከሰጣችሁ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይገባችኋል። በሌላ በኩል በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ አማካይ ስለሆነ፣ አዲስ ስልክ እንኳ ሁለትና ሦስት በመቶ ቢያንስ ጉድለት አይደለም።

ኮምፒውተር ከሌለ ወይም ሻጩ እንዲህ ያለውን ምርመራ ካልፈቀደ፣ ጌሙ ራሱ መመርመሪያ ይሆናል። ስልኩ ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለበት ሰዓት፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ከባድ ጌም ለ20 ደቂቃ ይጫወት። አምስት ዋት የሚወስድ ጌም በዚህ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ከሆነ የ5000 ባትሪ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይወስዳል፤ አቅሙ ወደ 70 በመቶ ከወረደ ባትሪ ግን 12 በመቶ ገደማ ይሄዳል። ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑና የጌሙም ፍጆታ ስለሚለያይ፣ ከቁጥሩ ይልቅ አወራረዱን መመልከት ይበልጣል። የደከመ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ጌሙ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይሰምጣል፤ በዚህም የተነሳ በመቶኛው ከ34 ወደ 29 ይዘላል፣ ወይም ስልኩ 20 በመቶ እያሳየ ይጠፋል፤ ቻርጀር ሲሰካለት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ 20 በመቶ ይዞ ይነሳል። እንዲህ ያለ መዝለል ወይም መጥፋት ካያችሁ፣ «ሶፍትዌሩ ነው፣ ካሊብሬት ሲደረግ ይስተካከላል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ካሊብሬሽን ቆጣሪውን ከእውነታው ጋር ያስማማል እንጂ ያለቀውን ሊቲየም አይመልስም፤ ባትሪ እንጠግናለን የሚሉ መተግበሪያዎችም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አቅም የላቸውም።

አንዳንድ ስልኮች፣ በተለይ ለጌም ታስበው የተሠሩት፣ በጨዋታ ሰዓት የቻርጀሩን ኃይል ባትሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ስልኩ የሚያሳልፍ አሠራር አላቸው። የቀድሞው ባለቤት ይህን በእርግጥ ሲጠቀምበት ከነበረ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ይሆናል። ነገር ግን አሠራሩ መኖሩ ሲሠራበት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ በብዙዎቹ ላይ ካልተከፈተ አይሠራምና ሻጩን ከየት እንደሚከፈት ጠይቁት፤ መልሱን የማያውቅ ከሆነ ስልኩን ያለዚህ አሠራር እንደተጠቀመበት ቁጠሩ።

ባትሪው በቅርቡ ተቀይሯል ከተባለም ጥንቃቄው አይቀርም። በዚያው መጠን ከዋናው እጅግ የበለጠ አቅም የሚጻፍበት ባትሪ ጽሑፉ ሐሰት እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ ቦታው አንድ እስከሆነ ድረስ የሚጨመርበት ክፍት የለም። በቅርብ ዓመታት አይፎኖች ላይ፣ የተቀየረው ባትሪ ዋናው ካልሆነ በቅንብሩ ውስጥ የማይታወቅ ዕቃ መሆኑ ስለሚጻፍ ይህን ሳታዩ አትክፈሉ።

በመጨረሻም ስልኩን ሽፋኑን አውልቃችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙት። ወጣ ባለው ካሜራ ምክንያት ሳይሆን ጀርባው ራሱ አብጦ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ከፍ ካለ ወይም በጀርባው መጋጠሚያ ክፍተት ከታየ፣ ባትሪው በውስጡ በተፈጠረ ጋዝ አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ በዋጋ ድርድር የሚታለፍ ጉድለት አይደለም፤ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ስልኩን አትግዙት። ገዝታችሁት ከሆነም ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ ስክሪኑን ወደ ቦታው ለመመለስ አትጫኑት፣ ለባለሙያም ስጡት። እብጠት ሳይኖረው አቅሙ ብቻ የወረደ ከሆነ ግን ስልኩ ሊገዛ ይችላል፤ ትክክለኛ የባትሪ መቀየሪያ ወጪን አስቀድማችሁ አጣሩና ያንኑ መጠን ከተጠየቃችሁት ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ጠይቁ። ሻጩ ለመቀነስም፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ለማስጫወትም ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ስልክ ፈልጉ።